ቡሬ «ቡር» እንዳትባል

ተቀመጪ፣ ለእኔ ብለሽ አትነሽ። ቡናው እስኪፈላ ከኋላሽ ቆሜ የምትጽፊውን ሳይ፣ የምታነቢውንም ስሰማ ነበር። ለፈረንሳይኛው የቃል ፈተና ራስሽን የምታስተዋውቂባቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፦ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ የተወለድሁት ቡሬ ነው፣ የመጣሁት ከፍኖተ ሰላም ነው። ሰዋስውሽ ደኅና ነው፤ ቃላቱንም በትክክል መርጠሻል። ነገር ግን እንዲህ እንደጻፍሻት ቡሬ ፈታኟ ዘንድ ስትደርስ ቡሬ አትሆንም።

እዪ እንዴት እንደጻፍሻት፦ ቤ፣ ኡ፣ ኤር፣ ኧ። በፈረንሳይኛ አንዲት ኧ ምንም ምልክት ሳይደረግባት በቃል መጨረሻ ላይ ከተቀመጠች አትነገርም። ስለዚህ አንዲት ፈረንሳዊት ይህን ጽሑፍ ስታነብ ከንፈሯን አሹላ በአንድ ትንፋሽ «ቡር» ትላለች። በምሥራቅ ፈረንሳይ ልክ በእነዚሁ ፊደላት የምትጻፍ «ቡር» የምትባል መንደር አለች፤ የእኛ ቡሬ ከእሷ ጋር ትምታታለች። ፍኖተ ሰላምም ያው ናት፤ «ፍኖተ» ያልሽው መጨረሻው ላይ ያለችው ኧ ትዋጥና «ፊኖት» ይሆናል።

መድኃኒቱ አንዲት ጭረት ናት። በኧ አናት ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለችውን ጭረት አድርጊባት፤ «አክሳን ቴጉ» ይሏታል። ጭረቷ ያለባት ኧ ሁልጊዜ «ኤ» ተብላ ትነገራለች፤ አትዋጥም፣ አትወድቅም። ፈረንሳዮች ምኒልክን ሲጽፉ ሁለት፣ ኃይለ ሥላሴን ሲጽፉ ሦስት ጭረት የሚያደርጉት ለጌጥ አይደለም። የእኛን አናባቢዎች ከራሳቸው የንባብ ልማድ ለመጠበቅ ነው። አንቺም ቡሬ ላይ አንድ፣ ፍኖተ ላይ አንድ አድርጊ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የሰማሁት ስሕተት ከጭረቷ ይሰፋል። የማይነገሩ ፊደላት እንዳሉ ታውቂያለሽ፤ መምህርሽ ነግሮሻል፣ አንቺም በእርሳስ እየሰረዝሻቸው ነው። ነገር ግን እንደ ሞቱ ቆጥረሻቸዋል። አልሞቱም። ድምፅ ባይኖራቸውም ሥራ አላቸው፤ ሥራቸውን ካላወቅሽ ንባብሽ ይሰባበራል።

የመጀመሪያውን ሥራ ሳታውቂው በቤትሽ ታውቂዋለሽ። «ቡፌ» እና «ካቢኔ» የምንላቸው ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ሲጻፉ መጨረሻቸው ቴ ነው። ቴዋን ግን ማንም አይላትም፤ እኛም የወሰድናቸው በጆሮ ስለሆነ ሳናነሣት ቀረን። «ኤታማዦር ሹም» ስንልም የመጀመሪያው ቃል በቴ ያልቃል፤ እሷም የለችም። አሁን ደግሞ እናታችን በየበዓሉ የምታነጥፈውን ዳንቴል አስቢ። «ዳንቴል» ሲጻፍ መጨረሻው ኧ ነው። ሳንቲምም፣ ሮዝ ቀለምም፣ አዲስ አበባ ላይ ለገሃር የምንለውም እንዲሁ። ለገሃር «ላ ጋር» ማለት ነው፤ ባቡር ጣቢያው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ስሙ በሕዝቡ አፍ ቀረ።

እነዚህን ሁለት ጎራዎች አስተያይ። ቡፌና ካቢኔ ውስጥ የመጨረሻዋ ተነባቢ ከኋላዋ ኧ የላትም፣ ስለዚህ ዝም አለች። ዳንቴል፣ ሳንቲም፣ ሮዝ ውስጥ ከተነባቢዋ ኋላ ኧ አለች፣ ስለዚህ ል፣ ም፣ ዝ ተሰሙ። ኧ ራሷ ዝም ብላ ጎረቤቷን ታናግራለች። ሥራዋ ይህ ነው። ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጡ አሉ፤ በተለይ ኤር፣ ኤል፣ ኤፍ እና ሴ የሚባሉት ፊደላት ያለ ኧ እገዛም ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። ለቴ፣ ለዴ፣ ለኤስ ግን ደንቡን አጥብቀሽ ያዢ።

ይህ ለአንቺ ለምን እንደሚጠቅም ታውቂያለሽ? ያ አዲስ አበባ ያለው ተቋም ስሙ «አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ» ነው። አሊያንስ በፈረንሳይኛ አንስታይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ኧ ተጨምራ ዝ ተሰማች፤ ለወንድ ቢሆን «ፍራንሴ» ብሎ ያበቃ ነበር። አንቺ ደግሞ ቅድም ያነበብሽው «ኤትዮፕያን» ብለሽ ን በአፍንጫ አፍነሽ ነው። እሱ ወንድ ነው። ሴት ስትሆኚ ኧ ትጨመራለች፣ ኗ ሁለት ትሆናለች፣ ድምፁም «ኤትዮፕየን» ይሆናል፤ ምላስሽ ጥርስሽ ሥር ደርሶ ን ጥርት ብላ ትሰማለች። ፈታኟ ኧዋን አትሰማም፤ ሴት መሆንሽን የምትሰማው በኗ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል፤ ቀስ ብለን እንሂድ። ኧ በቃል መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመካከልም ትቀመጣለች፤ እዚያ አንዴ ትነገራለች፣ አንዴ ትወድቃለች። ፈረንሳዮች ራሳቸው «ኧ ካዱክ» ይሏታል፤ የምትወድቀው ኧ ማለት ነው። መቼ እንደምትወድቅ ለማወቅ የእኛ ፊደል ይረዳሻል። ኧ ስትነገር በግዕዙ በመ፣ በደ፣ በረ ጻፊያት፤ ስትወድቅ በሳድሱ በም፣ በድ፣ በር ጻፊያት።

ቅዳሜና ዓርብን እንውሰድ። ቅዳሜ ሲጻፍ «ሳመዲ» ነው፤ ሲነገር ግን «ሳምዲ»። ዓርብ ሲጻፍ «ቫንድረዲ» ነው፤ ሲነገርም «ቫንድረዲ» እንደሆነ ይቀራል። ሁለቱም ውስጥ ኧ ከዲ በፊት ናት። በአንዱ ወደቀች፣ በሌላው ቆመች። ለምን? ከኧ በፊት የሚሰሙትን ተነባቢዎች ቁጠሪ። ሳመዲ ላይ ከኧ በፊት ያለችው ም ብቻ ናት። ኧ ብትወድቅ ምና ድ ሁለት ሆነው ይገናኛሉ፤ ለምላስ አይከብድም። ቫንድረዲ ላይ ግን ድና ር ሁለት ናቸው። ኧ ብትወድቅ ድ፣ ር፣ ድ ሦስት ተነባቢ ያለ አናባቢ ሊቆም ነው። ያንን ለመከላከል ኧ ትቆያለች። ይህን ደንብ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሞሪስ ግራሞን የሚባል የቋንቋ ሊቅ «የሦስቱ ተነባቢዎች ሕግ» ብሎ ጠራው። ሁልጊዜ ድርቅ ብሎ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም።

የምትቆጥሪው በዓይን የምታዪውን ፊደል እንዳልሆነ ልብ በይ፤ በጆሮ የሚሰማውን ድምፅ ነው። አንድ ቃል ራሱ እንደ ጎረቤቱ ይለወጣልና። መስኮት «ፈኔትር» ነው። «ላ» ስትቀድመው ከፈ በፊት ያለው አናባቢ ስለሆነ ኧ ትወድቃለች፦ «ላፍኔትር»። «ዩን» ስትቀድመው ግን ንና ፍ ይገናኛሉ፤ ኧ ብትወድቅ ን፣ ፍ፣ ን ሦስት ሊሆኑ ነው፤ ስለዚህ ትቆማለች፦ «ዩን ፈኔትር»። መስኮቱ ያው መስኮት ነው፣ አጻጻፉም ያው ነው፤ ኧዋ ግን የምትቆመው ከፊቷ ያለውን አይታ ነው።

ይህን ስትሰሚ አትደንግጪ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትሠሪው ነገር ነው። «ልብስ» ብለሽ ጻፊ። ሦስት ሳድስ ነው፤ ስትዪው ግን አንድ ትንፋሽ ነው። ል ላይ ትንሽ አናባቢ አለች፣ ብና ስ ላይ የለችም። «ብርሃን» ላይ ብ ታናባለች፣ ር አታናባም። የትኛው ሳድስ እንደሚናበብና የትኛው እንደሚዋጥ ፊደሉ ላይ አልተጻፈም፤ ጆሮሽ ነው የነገረሽ። የአብነት ተማሪም መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ እያንዳንዱን ፊደል እየነጠለ ያዜማል፣ ከዚያ ወደ ውርድ ንባብ ይሄዳል፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ቃሉን ከቃል ጋር እያያዘ ያስኬደዋል። አንቺ ፈረንሳይኛውን ገና በግዕዝ ንባብ ላይ ነሽ፤ እኔ ወደ ቁም ንባብ ልወስድሽ ነው።

ይሁንና ይኸው ሳድስ ወጥመድም አለው፤ ዛሬ ስታነቢ ከሠራሽው ስሕተት አብዛኛው የመጣው ከእሱ ነው። አማርኛም እንደ ፈረንሳይኛ ሦስት ተነባቢ መደርደር አይወድም። ግን የእኛ ምላስ ክፍተቱን የሚሞላው በሌላ ቦታ ነው። ዓርብን «ቫን፣ ድር፣ ዲ» ብለሽ አነበብሽ፤ አናባቢዋን ከር በፊት አስገባሽ። ፈረንሳዮች ከር በኋላ ነው የሚያኖሯት፦ «ቫን፣ ድረ፣ ዲ»። ሦስት ክፍለ ቃል በሁለቱም አለ፤ ቦታው ግን ተሳስቷል። ቅዳሜንም ስታነቢ ም ላይ የእኛን ትንሽ አናባቢ ጨምረሽ ሦስት አደረግሽው፤ ሁለት ብቻ መሆን ነበረበት። የፈረንሳይኛዋን ኧ አስወግደሽ በቦታዋ የራሳችንን አስቀመጥሽ ማለት ነው። ፊደሏን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ባዶ የሆነውን ቦታ ባዶ መተው አለብሽ።

በጣም የሚታየው «ሚኒስትር» እና «ሚኒስቴር» ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት በቢሮ በር ላይ ሁሉ እናያቸዋለን፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ሰውዬው ነው፣ ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ። በፈረንሳይኛ ሰውዬው ሁለት ክፍለ ቃል ነው፦ «ሚ፣ ኒስትር»። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ነው፦ «ሚ፣ ኒስ፣ ቴር»። በእኛ አፍ ግን ሰውዬውም «ሚ፣ ኒስ፣ ትር» ሆኖ ሦስት ይሆናል፤ ትና ር መካከል ትንሽ አናባቢ ስለምናስገባ ነው። እኔንም ስማር በዚህ ቃል ደጋግሞ ያሳሳተኝ ይኸው ነበር፤ ልዩነቱን የሰማሁት እጄን ጉሮሮዬ ላይ ማድረግ ስለምድ ነው። አንቺም አድርጊው። «ኒስት» ብለሽ ስትደርሺ ጉሮሮሽ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ር በትንፋሽ ብቻ ትውጣ፤ ጉሮሮሽ እንደገና ከነዘረ አናባቢ ጨምረሻል ማለት ነው።

በመካከል ለምትወድቀው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለሽ። ኧ ስትወድቅ ብቻዋን የቀረችው ተነባቢ አዲስ ክፍለ ቃል አትጀምርም፤ ከፊቷ ባለው አናባቢ ላይ ትንጠለጠላለች። «ላፍኔትር»ን «ላ፣ ፍኔትር» ብለሽ ከከፈልሽው ምላሳችን ፍ ላይ አናባቢ ይጨምራል። «ላፍ፣ ኔትር» ብለሽ ከከፈልሽው ግን «አምባ» እንደማለት ይቀላል። ትንሹ ልጅ ለማለት «ለ ፐቲ» ሲጻፍ አንቺ «ለፕ፣ ቲ» በዪው። ፕ በለ ጀርባ ላይ ትታዘል።

አሁን ከዚያ ከበቆሎው ጥቂት ፍሬ አምጪልኝ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ፍሬ እያስቀመጥሽ አንብቢ። ቅዳሜ ሁለት ፍሬ፣ ዓርብ ሦስት፣ ሚኒስትር ሁለት፣ ሚኒስቴር ሦስት። ፍሬው ከበዛ አናባቢ አስገብተሻል፤ ካነሰ መቆየት የነበረባትን ኧ ጥለሻል። ጆሮሽ ገና ስለሆነ ሊያታልልሽ ይችላል፤ እጅሽ የሚያስቀምጠው ፍሬ ግን ይቆጠራል።

የክፍለ ቃል ቁጥር ለምን ይህን ያህል አስፈለገ ትይኝ ይሆናል። ፈረንሳይኛ ሲነገር ክፍለ ቃላቱ በመጠን ይቀራረባሉ፤ እንደ እኩል እርምጃ ነው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚባለው ሐረግ ሲያልቅ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ረዘም ይላል። ሰሚው ሐረጉ ማለቁን የሚያውቀው በዚያ ርዝመት ነው። ኧ ደግሞ በሐረጉ መጨረሻ ርዝመትን አትሸከምም። «ላፍኔትር» ላይ ርዝመቱ የሚያርፈው «ኔትር» ላይ ነው። አንቺ «ኔ፣ ትር» ብለሽ ከከፈልሽው ርዝመቱ «ትር» ላይ ይወድቃል፤ ሰሚው ደግሞ እዚያ ምንም አይጠብቅም። ቃሉን ታውቂዋለሽ፣ እሱም ያውቀዋል፣ ግን አይያዝለትም። «እንዴት?» ብሎ ሲጠይቅሽ ያላወቀው ቃሉን መስሎሽ ደግመሽ ጮክ ብለሽ ትዪዋለሽ፤ ያልገባው ግን ምቱ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ አንቺ እነሱን የምትሰሚበት ጊዜ አለ። «አላውቅም» ሲጻፍ «ዠ ነ ሴ ፓ» ነው፤ አራት ፍሬ። በረጋ ንግግር ሁለት ኧ ተከትለው ስለመጡ አንዷ ትወድቃለች፦ «ዠን፣ ሴ፣ ፓ»፤ ሦስት ፍሬ። በጓደኛሞች መካከል ግን «ነ»ዋ ጨርሳ ትቀራለች፣ ዠም ከስ ጋር ተጋጭታ ሽ ትሆናለች፦ «ሼ፣ ፓ»፤ ሁለት ፍሬ ብቻ። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አራቱም ቃላት ተሟልተው ይጻፋሉ። ለፈተናሽ መካከለኛዋን ባለሦስት ፍሬዋን ያዢ። «ሼፓ»ን ለጆሮሽ ብቻ አስቀምጪያት፤ ስትሰሚያት እንድታውቂያት እንጂ ፈታኝ ፊት እንድትዪያት አይደለም።

ዘፈን እየሰማሽ እንደምትለማመጂም አውቃለሁ። ስሚ፣ ግን ከዘፈን ምት አትቅጂ። ዜማ ለኧ የራሷን ድምፅ ይሰጣታል። «ፍሬር ዣክ» የሚባለውን የልጆች ዘፈን ታውቂዋለሽ፤ ስሙ በዜማው አራት ድምፅ ነው፦ «ፍሬ፣ ረ፣ ዣ፣ ከ»። በንግግር ግን ሁለት ብቻ ነው። በጥንቱ የፈረንሳይ ግጥምም ከተነባቢ ፊት ያለች ኧ በስንኙ መካከል ትቆጠራለች፤ የአሥራ ሁለት ክፍለ ቃል ስንኝ ያለ እሷ ይጎድላል። ድሮ በንግግርም ትሰማ ነበርና ግጥሙ ያንን ይዞ ቀረ። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀን በአፍ ሳንለይ በጽሕፈት እንደያዝናቸው ማለት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይ አካባቢ፣ ዛሬም ብዙ ሰው ኧን በንግግር ያሰማታል። እንዲህ ያለ ሰው ከገጠመሽ ተሳስቷል አትበይ፤ አገሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ቡናው ላይ እንቀመጥ። ዝም ያሉ ተነባቢዎች አንዳንዴ ይነቃሉ። ቅድም «አክሳን ቴጉ» ስልሽ ቴ ከየት መጣች? «አክሳን» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የተኛች ቴ ናት። ቀጣዩ ቃል «ኤጉ» በአናባቢ ስለሚጀምር ተነሥታ ወደ እሱ ተሻገረች። ጓደኞቹ ለማለት «ሌ» እና «አሚ» ሲገናኙም የተኛችው ኤስ ዝ ሆና ትነቃለች፦ «ሌ፣ ዛ፣ ሚ»። ተመልከቺ፣ ክፍለ ቃሉ አልበዛም፤ ሦስት ፍሬ ነበር፣ ሦስት ፍሬ ነው። የነቃችው ተነባቢ ራሷን ችላ አትቆምም፤ በሚቀጥለው አናባቢ ትከሻ ላይ ትወጣለች። ስታነቢ በሁለቱ ቃላት መካከል አትቁሚ፤ ከቆምሽ ተመልሳ ትተኛለች።

አሁን የራስሽን ዓረፍተ ነገሮች በበቆሎው እንመዝናቸው። ኢትዮጵያዊት ነኝ፦ «ዠ፣ ስዊ፣ ዜ፣ ትዮ፣ ፕየን»። አምስት ፍሬ፤ ርዝመቱ «ፕየን» ላይ። አንቺ ቅድም ስታነቢው ስምንት አድርገሽው ነበር። ቡሬ ተወለድሁ፦ «ዠ፣ ስዊ፣ ኔ፣ አ፣ ቡ፣ ሬ»። ስድስት ፍሬ። «ኔ» ስትጽፊያት ከባለጭረቷ ኧ ቀጥለሽ አንዲት ባዶ ኧ አክዪ፤ እዚህ ምንም ድምፅ አትለውጥም፣ ሴት መሆንሽን ለዓይን ብቻ ትናገራለች። የመጣሁት ከፍኖተ ሰላም ነው ስትዪ ደግሞ «ደ» ላይ ያለችው ኧ ትወድቃለች፣ ድም በፊቷ ባለው አናባቢ ላይ ትታዘላለች፦ «ዠ፣ ቭያንድ፣ ፊ፣ ኖ፣ ቴ፣ ሰ፣ ላም»። ሰባት ፍሬ፤ ርዝመቱ «ላም» ላይ።

ዛሬ ማታ አዲስ ገጽ አትክፈቺ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ፣ አምስት፣ ስድስትና ሰባት ፍሬ አስቀምጠሽ፣ ፍሬው ሳይበዛም ሳያንስም እስኪወጣልሽ ድረስ በዪያቸው። ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂና መልሰሽ ስሚ፤ ጆሮሽ ካመነ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ከመተኛትሽ በፊት ግን እስክሪብቶሽን አንሺና ቡሬ ላይ ጭረቷን አድርጊ።